«መልካም ምላሽዎን እንጠብቃለን» ማለት ሲቀር፦ የኢሜይልን መጨረሻ እንዴት እንጻፍ?

በ2018 ዓ.ም. ታኅሣሥ 23 ቀን ከቡሬ ወደ አዲስ አበባ አንድ ኢሜይል ላክሁ። የምሠራው በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ውስጥ በገበያ ባለሙያነት ነው። መጋዘናችን ውስጥ 1,200 ኩንታል ነጭ በቆሎ ነበረን፤ ተቀባዩ ደግሞ የምግብ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ የግዥ ኃላፊ ነበሩ። የኢሜይሉ መዝጊያ እንዲህ ይል ነበር፦

«ናሙናው በአውቶቡስ የተላከ ስለሆነ ደርሷችሁ ውጤቱ እንዲገለጽልን እየጠየቅን፣ መልካም ምላሻችሁን በጉጉት እንጠብቃለን። የተለመደው ትብብራችሁ እንዳይለየን። ከሰላምታ ጋር።»

አሥራ ሦስት ቀን ጠበቅሁ። ጥር 6 ቀን ስደውል ኃላፊው ምንም ቅር ሳይላቸው «ኢሜይሉ ደርሶኛል እኮ፤ እናንተ ዋጋ እስክትልኩልኝ እየጠበቅሁ ነው» አሉኝ። እኔ የናሙናውን ውጤት እጠብቃለሁ፣ እሳቸው የእኔን ዋጋ ይጠብቃሉ። በቆሎው መጋዘን ውስጥ ነቀዝ ይጠብቃል። ከሁለታችን አንዳችንም አላጠፋንም ማለት ይቻላል። ጥፋቱ ያለው «እንጠብቃለን» በሚለው ቃል ላይ ነው። ቃሉ እኔ የማደርገውን እንጂ እሳቸው የሚያደርጉትን አይናገርም።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ኢሜይሉን እንደገና ጻፍሁት። ከዚህ በታች የማስቀምጠው ያንን መዝጊያ ያስተካከልሁበትን ቅደም ተከተል ነው።

መጀመሪያ፦ ከመጻፍ በፊት አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረስ

ኮምፒውተሩን ሳይነኩ በወረቀት ላይ ይህችን ጻፉ፦ «ሰውየው ኢሜይሉን አንብቦ ሲጨርስ ______።» ባዶ ቦታው ላይ የሚገባው ግስ በዓይን የሚታይ ሥራ መሆን አለበት፤ ይልካል፣ ይፈርማል፣ ይደውላል፣ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። «ይገነዘባል»፣ «ያስብበታል»፣ «ትብብር ያደርጋል» ብላችሁ ከጨረሳችሁት ገና አልተዘጋጃችሁም። የሚፈልጉትን ሳያውቁ የተጻፈ ኢሜይል ነው መጨረሻው ላይ ሲደርስ «መልካም ምላሽ» ውስጥ የሚደበቀው።

እኔ የመጀመሪያውን ኢሜይል ስጽፍ ይህን ብሞክረው ኖሮ ባዶ ቦታው ላይ አራት ነገር እደረድር ነበር፦ ናሙናውን ያስመረምራሉ፣ ፍላጎታቸውን ይነግሩኛል፣ የሚገዙትን መጠን ይወስናሉ፣ መኪና ማን እንደሚያቀርብ ይነግሩኛል። አራቱንም በአንድ መዝጊያ ብጠይቅ ሰውየው የሚመልሱት የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ሲገኝ ነው፤ እሱ ደግሞ በእጃቸው ላይኖር ይችላል። ስለዚህ «ከእነዚህ ውስጥ ሌሎቹን የሚቀድመው የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ናሙናውን ካልተቀበሉት መጠንም መኪናም ትርጉም የላቸውም። ስለዚህ የኢሜይሉ መዝጊያ ስለ ናሙናው ብቻ ይሆናል። ዋጋውን ግን ራሴ ከላይ በጽሑፉ አካል ውስጥ አስገባሁት፤ እሳቸው የሚጠብቁት እሱን ነበርና።

የምትመርጡት ሥራ ተቀባዩ ራሱ ሊያደርገው የሚችል ይሁን። የግዥ ኃላፊ ውል አይፈርምም፤ የሚፈርመው ሥራ አስኪያጁ ነው። ኃላፊው ግን የምርመራ ውጤት ሊነግረኝ ይችላል። ከሥልጣኑ በላይ የሆነውን የተጠየቀ ሰው «አይሆንም» አይላችሁም። ዝም ይላል።

የማን ሥራ እንደሆነ መጻፍ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የአማርኛ ደብዳቤ ዋና ሕመም ያለው እዚህ ነውና። «እንዲገለጽልን»፣ «ይታወቅልን ዘንድ»፣ «አስፈላጊው ሁሉ እንዲደረግ»። እነዚህን ቃላት ከቢሮ ቢሮ እየወረስናቸው መጥተናል። አድራጊ የላቸውም። ጨዋ የሚመስሉትም ለዚህ ነው፤ ማንንም በጣት አይጠቁሙም። ነገር ግን ያልተጠቆመ ሰው ሥራው የእሱ እንደሆነ በምን ያውቃል? ኢሜይሉ ለሦስት ሰው የተላከ እንደሆነ ደግሞ ባሰ፤ ሦስቱም እየተያዩ ይቀራሉ።

መድኃኒቱ ግሱን ወደ ሰው መመለስ ነው። «ውጤቱ እንዲገለጽልን» የሚለው «ውጤቱን ይግለጹልኝ» ይሆናል። «ሰነዱ ተፈርሞ እንዲላክልን» የሚለው «ሰነዱን ፈርመው ይላኩልኝ» ይሆናል። ልብ በሉ፤ አክብሮቱ አልጠፋም። አማርኛ አክብሮቱን የሚያስቀምጠው በግሱ ውስጥ ነው፤ «ይላኩልኝ» ሲባል «እርስዎ» አብሮ አለ። ታላቅን ለማክበር ነገርን ማደብዘዝ አያስፈልግም።

«እናንተ» ስለሚለውም አንድ ነገር ልበል። ለድርጅት ሲጻፍ «ምላሻችሁን» ማለት የተለመደ ነው። በመዝጊያው ላይ ግን ከ«እናንተ» ወደ «እርስዎ» ተሻገሩ። በግልባጭ የተላከላቸው ካሉ የእነሱን ድርሻ በአንድ ቃል ንገሯቸው፦ «ለጥራት ክፍሉ በግልባጭ የላክሁት ለማሳወቅ ብቻ ነው።» ይህች ዐረፍተ ነገር ብዙ ሰው ከጭንቀት ታሳርፋለች።

ይሉኝታ የያዘው ይኖራል፤ እኔም ይዞኝ ነበር። «እስከ ሐሙስ ይመልሱልኝ» ብዬ ለማላውቃቸው ትልቅ ሰው መጻፍ ትእዛዝ መሰለኝ። ሥራ አስኪያጃችንን ባማክራቸው ጊዜ «ሰላምታውን ከላይ ጨርሰው፤ ታች ስትደርስ ጉዳይህን ተናገር» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ገበያ ላይ ሰው ስናገኝ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቀን ነው ወደ ጉዳያችን የምንገባው። ጉዳዩ ላይ ስንደርስ ግን ዋጋውን እንጠራለን። ኢሜይልም እንዲሁ ነው፤ ለስላሳው ከላይ ይቀመጥ። ሰምና ወርቁን ለዋሸራ ቅኔ ተማሪዎች እንተውላቸው። የግዥ ኃላፊ ኢሜይል የሚያነበው በስልኩ ላይ፣ ምናልባትም ደረጃ እየወረደ ነው። ወርቁን ቆፍሮ የሚያወጣበት ጊዜ የለውም።

ቀኑን መቁረጥ

«በአስቸኳይ»፣ «በተቻለ ፍጥነት»፣ «በቅርቡ» ቀን አይደሉም። ቀን ማለት የሳምንቱ ስም፣ የወሩ ቀንና ሰዓት ነው። ሦስቱም አብረው ይጻፉ። አንዱን ብትሳሳቱ ሌላው ያጋልጣችኋልና፦ «ሐሙስ ጥር 14፣ ከቀኑ 10 ሰዓት።»

ቀኑን ስትመርጡ ቀን መቁጠሪያውን እያያችሁ ይሁን። ጥር 6 ቀን ላይ ተቀምጬ ሳስብ መጀመሪያ የመጣልኝ «እስከ ሰኞ» ነበር። ሰኞ ጥር 11 ጥምቀት ነው! እሑድ ከተራ፣ ማክሰኞ የሚካኤል ታቦት የሚገባበት ቀን። ሰኞ ብዬ ብጽፍ ሰውየው ስቀው ያልፉኛል፤ የጻፍሁት ቀን ቀልድ እንደሆነ ካዩ በኋላ ሌላውንም ቀን አያምኑትም። ረቡዕ ወደ ቢሮ የሚመለሱበት፣ የተጠራቀመውን የሚያጸዱበት ቀን ነው። ስለዚህ ሐሙስን ያዝሁ።

ለውጭ አገር ሰው ወይም ለዓለም አቀፍ ድርጅት የምትጽፉ ከሆነ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው የቀን አቆጣጠሩ ነው፤ «ጥር 14» ያላችሁትን «ጃንዋሪ 22» ብላችሁ አብራችሁ ጻፉ። የሁለቱ አቆጣጠር ልዩነት በየአራት ዓመቱ በአንድ ቀን ስለሚንሸራተት በቃል አትተማመኑ። ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። እኛ ከቀኑ 8 ሰዓት የምንለውን እነሱ 14:00 ይሉታል። «8 ሰዓት ላይ እንገናኝ» ተብሎ የተጻፈላቸው ሰዎች ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስብሰባ ከፍተው ሲጠብቁ፣ የኛ ሰው ገና ቁርስ ላይ ነው። ይህ ደርሶብኛል።

ከቀኑ ጋር ምክንያቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስከትሉ። «ቅዳሜ ጥር 16 ከቡሬ የሚነሳ መኪና ስለምንይዝ ነው።» ምክንያት የሌለው ቀን ያስቀይማል፤ ምክንያት ያለው ቀን ግን የእናንተ ፍላጎት ሳይሆን የሥራው ጠባይ ይሆናል። ምክንያቱ ግን እውነት ይሁን። መኪናው በሌለበት «መኪና ይዘናል» ያለ ሰው በሁለተኛው ጊዜ አይሰማም።

መልሱን ማቅለል

ተቀባዩ ለመመለስ ማሰብ የሚያስፈልገው ከሆነ ለነገ ያሳድረዋል። በአንድ ቃል የሚመለስ አድርጉት። እኔ «ተቀብለናል» ወይም «አልተቀበልንም» የሚሉ ሁለት ቃላት ሰጠኋቸው። «ስለ ናሙናው ያላችሁን አስተያየት» ብል ኖሮ አስተያየት መጻፍ ነበረባቸው፤ አስተያየት ደግሞ ከጥራት ክፍል መለመን አለበት፤ እንዲህ እያለ ይረዝማል።

ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ለምንሠራ ሰዎች ሌላም ነገር አለ። መልሱ በሌላ መንገድም እንዲመጣ በር ክፈቱ፤ «በአጭር የስልክ መልእክት ቢልኩልኝም ይበቃል» ብላችሁ ቁጥራችሁን እዚያው አስቀምጡ። በኢሜይል ብቻ የታሰረ ቀጠሮ ኢንተርኔቱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ዝም ቢሉስ?

ይህ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። መዝጊያው መልስ ባይመጣ እናንተ የምታደርጉትንም መናገር አለበት። «ካልሰማሁ ዓርብ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እደውልልዎታለሁ።» ይህ ማስፈራሪያ አይደለም። ሰውየው የማይመልስም ቢሆን ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ያውቃል፤ ብዙ ጊዜም ስልኩን ላለመቀበል ሲል ሐሙስ ማታ ይመልሳል።

የምትጽፉት ግን በእጃችሁ ያለውን ብቻ ነው። በቆሎውን ለሌላ ገዥ የመስጠት ፈቃድ ካለኝ «በቆሎውን ለሌላ ገዥ እናቀርባለን» ማለት እችላለሁ። ያንን የሚወስነው ቦርዱ ከሆነ አልጽፈውም። ከሁሉ በላይ «ካልመለሱልኝ እንደተስማሙ እቆጥራለሁ» ከሚለው ተጠንቀቁ። ለስብሰባ አጀንዳ ወይም ለአንድ ደብዳቤ ረቂቅ ይሠራል። ለገንዘብ፣ ለውልና ለመንግሥት ፈቃድ ግን ዝምታ ፊርማ አይሆንም፤ በኋላ ጠበቃ ፊት የሚያዋርድ ነገር ነው።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ስትጽፉ ደግሞ ዝምታውን የሚሰብረው ስልክ ሳይሆን እግር ነው። ለዞኑ ጽሕፈት ቤት ስጽፍ «ረቡዕ ጠዋት ፍኖተ ሰላም ስለምመጣ ደብዳቤው ከመዝገብ ቤት ወጥቶ እንደሆነ በአካል እጠይቃለሁ» እላለሁ። ባለሙያው ከዚያ ቀን በፊት ፋይሉን ፈልጎ ያወጣዋል፤ በአካል የሚመጣን ሰው «አላየሁትም» ማለት ከባድ ነው።

የት ይቀመጥ?

ከ«ከሰላምታ ጋር» በፊት፣ ብቻውን፣ ባዶ መስመር ከላዩ ተትቶለት ይቀመጥ። ከእሱ በኋላ ሌላ ሐሳብ አታምጡ። «በመጨረሻም...» ብላችሁ ስለ ጆንያ ዋጋ ብትጨምሩ ሰውየው የሚይዘው ጆንያውን ነው። «የተለመደው ትብብራችሁ እንዳይለየን» የሚለውን ልማድ መተው የሚከብዳችሁ ከሆነ ወደ ላይ፣ ከሰላምታው ጋር ውሰዱት። የእኔ ሙሉ መዝጊያ በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦

«ከእርስዎ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ናሙናው መመዘኛችሁን ማሟላት አለማሟላቱን እስከ ሐሙስ ጥር 14 ከቀኑ 10 ሰዓት ድረስ "ተቀብለናል" ወይም "አልተቀበልንም" ብለው ይመልሱልኝ። በአጭር የስልክ መልእክትም ይበቃል። ቀኑን የወሰንነው ቅዳሜ ጥር 16 ከቡሬ የሚነሳ መኪና ስለምንይዝ ነው። ካልሰማሁ ዓርብ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እደውልልዎታለሁ።

ከሰላምታ ጋር»

ከመላኬ በፊት አንድ ፈተና አደረግሁ። ከላይ ያለውን ሁሉ በእጄ ሸፍኜ ለመጋዘን ኃላፊያችን መዝጊያውን ብቻ አሳየኋቸውና «አያ፣ ይህ ቢመጣልዎት ምን ያደርጋሉ?» አልኋቸው። «ናሙናውን ወስጄ ላስመርምር፤ ሐሙስ እመልሳለሁ» አሉ። ስለ ጉዳዩ የማያውቅ ሰው መዝጊያውን ብቻ አይቶ እንዲህ ሲል ይላካል። «እ... ምን ፈልጎ ነው?» ካለ አይላክም።

ቀኑ ካለፈ በኋላ

ማስታወሻ ስትልኩ በዚያው የኢሜይል ሰንሰለት ላይ ይሁን እንጂ አዲስ አትክፈቱ። «ኢሜይሌን አይተውታል ወይ?» አትበሉ፤ መልሱ «አዎ» ነው፤ ያም አይጠቅማችሁም። የጠየቃችሁትን ሥራ መልሳችሁ ጻፉ፤ ከተቻለ ደግሞ አሳንሱት። «ውጤቱ ካልደረሰ የሚደርስበትን ቀን ብቻ ይንገሩኝ።» ሁለት ጊዜ ካስታወሳችሁ በኋላ ኢሜይሉን ተዉትና ደውሉ። ሦስተኛው ማስታወሻ ሥራ ሲያሠራ አላየሁም፤ ቂም ሲያስይዝ ግን አይቻለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ኢሜይል ሁሉ ሥራ ይጠይቃል ማለቴ አይደለም። የምስጋና፣ የሐዘን፣ የእንኳን አደረሳችሁ ኢሜይል ቀጠሮ አይለጠፍበትም። ለማሳወቅ ብቻ የሚጻፈውን ደግሞ «መልስ አያስፈልግም» ብላችሁ ዝጉት። ይህም ራሱ ግልጽ መዝጊያ ነው።

መልሱ ሐሙስ ሳይሆን ረቡዕ ማታ በስልክ መልእክት መጣ፦ «አልተቀበልንም። እርጥበቱ 15 በመቶ ነው። ከ13 በላይ አንቀበልም። አድርቃችሁ 2 ኪሎ ናሙና እስከ ሰኞ ጥር 25 ከላካችሁ በዚያው ሳምንት መልሰን እንመረምራለን።» ቅር አለኝ፤ ነገር ግን አሥራ ሦስት ቀን ከመጠበቅ ይሻላል። መኪናውን ሰረዝን፣ በቆሎውን ፀሐይ ላይ አሰጣነው። ደግሞም ሰውየው መዝጊያ ከእኔ የተሻለ ይጽፋሉ።

ወዲያው መልስ መጻፍ ጀመርሁ፦ «ናሙናውን ሐሙስ ጥር 21 ቀን ጠዋት በአውቶቡስ...» የመጋዘን ኃላፊያችን በትከሻዬ በኩል ሲያነቡ ቆይተው «አስተርእዮ ማርያም ዕለት ስጥ የሚያነሳልህ፣ ጆንያ የሚሰፋልህ ማን ነው?» አሉኝ። አጥፍቼ ዓርብ ጥር 22 አልሁ።